ጥለቱ የት ጠፋ? የካታሎግ ፎቶና ለዲዛይነር የሚጻፍ ኢሜይል

ለኦንላይን ካታሎግ የሚዘጋጅ የምርት ፎቶ፣ ገዢው ሱቅ ቢገባ ኖሮ በእጁ ዳብሶና ወደ በር ብርሃን አውጥቶ የሚያጣራውን ነገር በዓይኑ ብቻ እንዲያጣራ የሚያስችለው መሆን አለበት። የሐበሻ ልብስ በሚሸጥበት ካታሎግ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚጣራው ጥለቱ ነው። በሸማኔ እጅ የተሠራ ጥለት ከታተመ ጥለት የሚለየው በክሮቹ አካሄድ፣ በቅርጾቹ ጠርዝ ላይ በሚታየው አነስተኛ መዛነፍና በጀርባው መልክ በመሆኑ፣ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ሆና ካታሎጉን በስልኳ የምታገላብጥ ገዢ ፎቶውን አስፍታ ስታይ ክሩ ካልተለየላት የልብሱ ዋጋ ለምን ከፍ እንዳለ የምታውቅበት መንገድ የላትም። በሽሮ ሜዳ ያለች የአንዲት ትንሽ ሱቅ ባለቤት ካታሎጓን ላዘጋጀላት ዲዛይነር «ፎቶዎቹ ይበልጥ ጥርት ይበሉልኝ፣ ሪዞሉሽናቸውም ከፍ ይበል» ብላ ኢሜይል የምትጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥያቄዋ ተገቢ ቢሆንም በዚህ መልኩ ከተጻፈ ግን ዲዛይነሩ በቅንነት ሠርቶ እንኳን የማይረባ መልስ ሊልክላት ይችላል።

ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መጠየቃቸው ነው። ሪዞሉሽን የሚባለው አንድ ፎቶ ስንት ፒክስል እንደያዘ የሚገልጽ መለኪያ ሲሆን፣ ፒክስል ደግሞ እያንዳንዷ አንድ ቀለም ብቻ መያዝ የምትችል የዲጂታል ምስል ትንሿ ነጥብ ናት፤ 4032 በ3024 የተባለ ፎቶ በአንደኛው ጎን 4032፣ በሌላው ጎን 3024 ነጥቦች፣ በድምሩ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች አሉት ማለት ነው። ጥርት ማለት ግን ከነጥብ ብዛት ጋር የሚገናኝ ቢሆንም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ በፎቶው ውስጥ አንድ ቀለም አልቆ ሌላው የሚጀምርበት ጠርዝ ምን ያህል ባጭር ርቀት እንደሚለይ የሚያመለክት ሲሆን፣ ካሜራው በተነቃነቀ ጊዜ ወይም ፎከሱ፣ ማለትም የሌንሱ ትኩረት፣ ከጥለቱ ይልቅ ከኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ባረፈ ጊዜ 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ፎቶ እንኳን ብዥ ብሎ ይቀራል። በተቃራኒው ጥቂት ነጥብ ብቻ ያለው ትንሽ ፎቶ በትንሽነቱ ሲታይ እጅግ የጠራ መስሎ ይታያል፤ ድክመቱ የሚወጣው ሲሰፋ ነው።

«ሪዞሉሽኑ ከፍ ይበል» የሚል ጥያቄ ብቻ የደረሰው ዲዛይነር፣ በተለይ ሥራ ከበዛበት፣ በቀላሉ ሊሠራቸው የሚችላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ያለውን ፎቶ በፎቶሾፕ ከፍቶ ከ800 ፒክስል ወደ 2000 ፒክስል ማሳደግ ነው። ፕሮግራሙ በዚህ ጊዜ የጎደሉትን ነጥቦች የሚሞላው በአጠገባቸው ካሉት ነጥቦች አማካይ ቀለም እየሰላ በመሆኑ፣ የፋይሉ ክብደት ይጨምራል፣ የፒክስሉ ቁጥርም የተጠየቀውን ያህል ይሆናል፣ ነገር ግን ከዚህ በፊት ያልነበረ አንድም ክር አይወለድም። ሁለተኛው በፋይሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከ72 dpi ወደ 300 dpi መቀየር ነው። ይህ ቁጥር ፎቶው በወረቀት ላይ ሲታተም በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚሰፍር ለማተሚያ ቤት የሚናገር መመሪያ ብቻ ስለሆነ፣ የነጥቦቹ ብዛት ካልተለወጠ በስተቀር በስክሪን ላይ በሚታይ ካታሎግ ምንም ለውጥ አያመጣም። ብዙ ባለሱቆች «300 dpi ይሁንልኝ» ብለው የሚጽፉት የብሮሹር ሕትመት ከለመዱ ሰዎች ሰምተው ሲሆን፣ ለኦንላይን ሥራ ይህ ሐረግ ከኢሜይሉ ቢወጣ የሚቀርበት ነገር የለም።

ጉዳዩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቁመቱ 140 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀሚስ በስልክ ካሜራ፣ ስልኩ ቀጥ ብሎ ተይዞ፣ 3024 በ4032 ፒክስል በሆነ መጠን ተነሣ እንበል፤ ቀሚሱ ከፎቶው ቁመት ውስጥ ወደ 3500 የሚጠጋውን ፒክስል ቢይዝ፣ ለእያንዳንዱ የጨርቁ ሴንቲ ሜትር 25 ፒክስል ይደርሰዋል። በጥለቱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ቀይና ወርቃማ ክር የሚፈራረቅባቸው ትንንሽ የአልማዝ ቅርጾች ካሉ፣ እያንዳንዱ ቅርጽ ሰባት ያህል ፒክስል አገኘ ማለት ስለሆነ ቅርጹም ቀለሙም በደንብ ይለያል። ባለሱቋ ይህን ፎቶ ለዲዛይነሩ የላከችው ግን፣ እንደ አብዛኛው ሰው፣ በቴሌግራም በተራ ፎቶ መልክ ነው። ቴሌግራም በዚህ መንገድ የሚላክ ፎቶ ቶሎ እንዲደርስ ሲል በተለምዶ ረጅም ጎኑን ወደ 1280 ፒክስል ስለሚያሳንሰው፣ ዲዛይነሩ እጅ የገባው 960 በ1280 ሆኖ፣ ለአንዱ ሴንቲ ሜትር የቀረው ወደ 8 ፒክስል፣ ለአንዱ አልማዝ ደግሞ ሁለት ከግማሽ እንኳን የማይሞላ ፒክስል ነው። ዲዛይነሩ ይህንኑ ከካታሎጉ ገጽ ጋር እንዲስማማ ወደ 800 ፒክስል ቁመት ሲያወርደው አልማዙ በአንድ ተኩል ፒክስል ውስጥ ሊሰፍር ይገደዳል።

እዚህ ላይ ነገሩ ይሰበራል። ሁለት ቀለማት የሚፈራረቁበት ቅርጽ እንዲለይ ቢያንስ ለአንዱ ቀለም አንድ፣ ለሌላው አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ፒክስል ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ቀዩና ወርቃማው ክር በአንድ ነጥብ ውስጥ ተቀላቅለው ቡናማ ይሆናሉ፤ አንዳንዴም ከዚህ የባሰ ነገር ይመጣል፣ በጨርቁ ላይ ፈጽሞ የሌለ የተጠማዘዘ መስመር ወይም የቀስተ ደመና ዓይነት ጥላ ይታያል። ይህ ክስተት ሞይሬ ይባላል፤ የሚፈጠረውም የድርና የማጉ ተደጋጋሚ መስመር ከፒክስሎቹ ተደጋጋሚ መስመር ጋር ሳይገጥም ሲቀር ስለሆነ፣ የተሸመነ ጨርቅ የተመቸ ማደሪያው ነው። ሸክላና ቆዳ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ችግር እምብዛም አያውቁትም።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ለባለሱቋ ደስ የማይል፣ ግን እጅግ ጠቃሚ የሆነ ነገር አለ፤ ዝርዝሩ የጠፋው በዲዛይነሩ ኮምፒውተር ላይ ከመሆኑ በፊት ከእሷ ስልክ ሲወጣ ነው፣ ዋናው ፎቶ ግን ካልተሰረዘ አሁንም እዚያው ስልክ ውስጥ አለ። ይህን ለማረጋገጥ ከዲዛይነሩ ጋር መከራከር አያስፈልግም። በኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ Properties ከዚያም Details የሚለውን ሲከፍቱ የፒክስሉ ልክ ይነበባል፤ በስልክ ካሜራ የተነሣ ፎቶ ልኩ በትክክል 1280 በ960 ወይም 960 በ1280 ሆኖ ከተገኘ በቴሌግራም ፎቶ መልክ አልፎ መምጣቱ እርግጠኛ ለመሆን ጥቂት የሚቀረው ጉዳይ ነው። ቀሪው ፍተሻ በዓይን የሚደረግ ነው። ፎቶው በመቶ ከመቶ መጠኑ፣ ማለትም የፎቶው አንድ ፒክስል የስክሪኑን አንድ ፒክስል ይዞ፣ ሲታይ ብዥታው በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ነጥብ አንሶት ተለጥጧል፤ ግድግዳው ወይም ማንጠልጠያው ጠርቶ ጥለቱ ብቻ ከደበዘዘ ፎከሱ ስቷል፤ ጠርዞች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትተው ድርብ ከሆኑ እጅ ተንቀጥቅጧል፤ በጥለቱ ዙሪያ ትንንሽ ካሬዎችና የቆሸሸ የሚመስል ነጠብጣብ ካለ ደግሞ JPEG የተባለው የፋይል ዓይነት ቦታ ለመቆጠብ ከልክ በላይ ጨምቆታል። JPEG ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ከእያንዳንዱ ውስጥ ዓይን ብዙም አያስተውለውም ያለውን ዝርዝር ስለሚጥል፣ አንድ ፎቶ እየተከፈተ፣ እየተነካካ፣ ደግሞ እየተቀመጠ በሄደ ቁጥር የካሬዎቹ ድንበር እየጎላ ይመጣል።

ከእነዚህ አራቱ ውስጥ ነጥብ ማነስና የመጨመቅ ጉዳት ወደ ዋናው ፋይል በመመለስ የሚድኑ ሲሆን፣ የሳተ ፎከስና የተንቀጠቀጠ እጅ ግን ልብሱን እንደገና ከማንሣት በቀር ይህ ነው የሚባል መድኃኒት የላቸውም። ጥሩ ኢሜይል የሚባለው ይህን ልዩነት ዲዛይነሩ እንዲያወጣ የሚያደርገው ነው። ባለሱቋ ስለ ፎቶ ሙያ ማወቅ አይጠበቅባትም፤ የሚጠበቅባት ምን እንዳየች፣ በምን ላይ እንዳየች፣ ደንበኛዋ ምን ማየት እንዳለባት መጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ኢሜይል ሊሆን ይችላል፦

ርዕስ፦ የካታሎግ ፎቶዎች ከዋናው ፋይል እንደገና እንዲዘጋጁ ስለመጠየቅ

«ጤና ይስጥልኝ። በካታሎጉ ላይ ያስቀመጧቸው የ24 ልብሶች ፎቶዎች በኮምፒውተር ሲታዩ ደህና ናቸው። በስልክ ሲሰፉ ግን የጥለቱ ክር አይለይም፤ ቀዩና ወርቃማው ተቀላቅሎ ቡናማ ይመስላል። ለምሳሌ IMG_4471.JPG የተባለውን በስልኬ እንደሚታየው ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬልዎታለሁ፤ ችግሩ ያለበትንም ቦታ አክብቤበታለሁ። ውጭ አገር ያሉ ደንበኞቼ ከመግዛታቸው በፊት የሚጠይቁኝ ይህንኑ የጥለት ክር ስለሆነ እሱ መታየት አለበት።

እባክዎ መጀመሪያ የሠሩባቸው ፋይሎች የፒክስል ልካቸው ስንት እንደሆነ ይንገሩኝ። በቴሌግራም ልኬልዎት ከነበረ ሳያንሱ አልቀሩም፤ ዋናዎቹ ስልኬ ላይ ስላሉ በጎግል ድራይቭ እጭናቸዋለሁ። ያሉትን ትንንሽ ፎቶዎች በማሳደግ እንዳይሠሩልኝ አደራ እላለሁ። የምፈልገው ለእያንዳንዱ ልብስ ሁለት ፎቶ ነው፤ አንዱ ልብሱ ሙሉ በሙሉ የሚታይበት፣ ረጅም ጎኑ 2000 ፒክስል የሆነ፣ ሌላው ጥለቱ ብቻ ከቅርብ የሚታይበት፣ እኔ በአዲስ መልክ አንሥቼ የምልክልዎት። ከዋናው ፋይልም ቢሠራ አይጠራም የሚሉት ካለ ስሙን ለይተው ይጻፉልኝና ልብሱን እንደገና አነሣለሁ። ፋይሎቹ በJPEG፣ በsRGB ቀለም ይሁኑልኝ። የተሳሳተው በእኔ በኩል ከሆነ ለተጨማሪው ሥራ የሚከፈለውን አስቀድመው ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የፒክስል ልክ የተጠየቀበት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዲዛይነሩ ያንን ለመመለስ ፋይሉን መክፈትና ቁጥሩን ማንበብ ስላለበት፣ ችግሩ የት እንደተፈጠረ ማንም ማንንም ሳይወቅስ በራሱ ይገለጣል። የክፍያው ዓረፍተ ነገር እንደ ትሕትና ብቻ የሚታይ አይደለም። ፋይሉ ትንሽ ሆኖ ለደረሰው ዲዛይነር 24 ፎቶ እንደገና መቁረጥና ማስተካከል የእሱ ጥፋት ያልሆነ ሥራ ሲሆን፣ ትልቅ ፋይል ተቀብሎ ያሳነሰው ዲዛይነር ግን የጀመረውን ሥራ መጨረስ ነው የሚጠበቅበት፤ ይህ ሳይነገር ሲቀር መልሱ የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ በሙያ ምክንያት ሳይሆን በዚህ ነው። sRGB የተባለው ደግሞ በ1996 በኤችፒና በማይክሮሶፍት የቀረበ፣ የስልኮችና የኢንተርኔት ማሰሻዎች የጋራ ቋንቋ የሆነ የቀለም ደረጃ ሲሆን፣ ለሕትመት የተዘጋጀ ሰፊ የቀለም ደረጃ ያለው ፎቶ ደረጃውን በማያነብ ስክሪን ላይ ሲከፈት ቀዩ ጥለት ሊደበዝዝ ስለሚችል ተጠቅሷል።

2000 ፒክስል የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣም መታወቅ አለበት። ዛሬ በብዛት የሚሸጡ ስልኮች የስክሪናቸው ስፋት 1080 ፒክስል ገደማ በመሆኑ፣ 800 ፒክስል የሆነ ፎቶ ገና ሳይሰፋ፣ የስልኩን ስፋት ለመሙላት ብቻ ሊለጠጥ ይገደዳል፤ የዲዛይነሩ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ስክሪን ነጥቦቹ ተለቅ ተለቅ ያሉ ስለሆኑ ግን ያው ፎቶ ለእሱ የጠራ መስሎ ይታየዋል፤ ስለዚህ «እኔ ጋ ደህና ነው» የሚለው መልስ ውሸት ባይሆንም ለጉዳዩ አይጠቅምም። አማዞን ሻጮች የሚያቀርቡት ፎቶ እንዲሰፋ ከተፈለገ ቢያንስ አንዱ ጎኑ 1000 ፒክስል እንዲሆን የሚጠይቀው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ከ2000 በላይ መሄድ ደግሞ ፋይሉን ስለሚያከብደው ገጹ እንዲዘገይ ያደርጋል፤ ሆኖም የጥለቱን ክር አያወጣም። 140 ሴንቲ ሜትር ቀሚስ በ2000 ፒክስል ቁመት ውስጥ ተዘርግቶ ለአንዱ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ቢበዛ 14 ፒክስል ስለሆነ አልማዙ ይለያል፣ ክሩ ግን አይለይም። ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጥለት ቁራጭ ከቅርብ ተነሥቶ በዚያው 2000 ፒክስል ውስጥ ሲቀመጥ ግን ለአንዱ ሚሊ ሜትር 13 ፒክስል ስለሚደርሰው ድርና ማጉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ባለሱቆች ከፍተኛ ሪዞሉሽን ብለው ሲጠይቁ ብዙውን ጊዜ የሚሹት ይህን የቅርብ ፎቶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቅርብ ፎቶው ከአሮጌው ፋይል ተቆርጦ ሊወጣ ስለማይችል፣ ዲዛይነሩ ዋናዎቹ ፋይሎች ደርሰውት ሙሉ ልብስ የሚታይባቸውን ቢያድስም፣ ጥለቶቹ በአዲስ መልክ መነሣታቸው አይቀርም። ለዚህ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ስልኩ በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ወይም በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ ተረጋግቶ፣ ጣት ሲነካው እንዳይንቀሳቀስ የ2 ወይም የ3 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ተደርጎለት፣ ፎከሱ በጣት ነክቶ ጥለቱ ላይ ከተቀመጠ የተንቀጠቀጠና የሳተ ፎቶ የሚመጣበት በር ይዘጋል። ጥለቱን ለማቅረብ ዙም ከመጠቀም ስልኩን ራሱን ማቅረብ ይሻላል፤ ዲጂታል ዙም ሲባል ካሜራው የመሃሉን ክፍል ቆርጦ ማሳደጉ ስለሆነ፣ በሁለት እጥፍ ዙም ከ12 ሚሊዮኑ ነጥብ ውስጥ ሦስት ሚሊዮኑ ብቻ ይቀራል። ይሁን እንጂ ስልኩ ከመጠን በላይ ከቀረበ ሌንሱ ፎከስ ማድረግ ስለማይችል፣ ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ጥቂት ወደ ኋላ ማለት ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቸጋሪው ነጩ ጨርቅ ነው። ካሜራ የብርሃኑን መጠን የሚወስነው የሚያየው ነገር በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ በመገመት ስለሆነ፣ ፎቶውን የሞላው ነጠላ ሲሆን ነጩን አጨልሞ ግራጫ ያደርገዋል። ይህን ለማረም ብርሃኑ በስልኩ ስክሪን ላይ ባለው የፀሐይ ምልክት ከፍ ሲደረግ ደግሞ ወሰኑ ካለፈ ክሮቹ ሁሉ በአንድ ንጹሕ ነጭ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ እንዲህ የሰመጠ ክር በየትኛውም ፕሮግራም አይመለስም። መካከለኛው መንገድ ጨርቁ ነጭነቱ ሳይጠፋ የክሩ ጥላ እስከሚታይበት ድረስ ብቻ ከፍ ማድረግ ነው። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሳይሆን በአንድ ጎን ካለ መስኮት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይገባበት፣ በስስ መጋረጃ አልፎ ቢመጣ እያንዳንዱ ክር ትንሽ ጥላ ስለሚጥል ሽመናው ከፍ ብሎ ይታያል፤ የስልኩ ፍላሽ ከፊት ስለሚያበራ ይህንኑ ጥላ ያጠፋዋል። ልብሱ የሚነጠፍበትም ቢሆን፣ አንዳንድ የገበያ ድረ ገጾች ነጭ ብቻ ካላሉ በስተቀር፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ቢሆን የነጠላው ጠርዝ ከመደቡ ይለያል።

ማጥሪያ የሚባለው የፎቶሾፕ ሥራ በመጨረሻ የሚመጣ ነው፤ ፎቶው ወደሚፈለገው መጠን ከወረደ በኋላ በጥቂቱ ሲደረግ በማሳነስ ጊዜ የለዘበውን ጠርዝ ይመልሳል፣ አሠራሩም የጠርዙን ብሩህ ወገን ይበልጥ ማብራት፣ ጥቁሩን ይበልጥ ማጥቆር ስለሆነ አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም። ከመጠን ማለፉ የሚታወቀው ቀዩ ጥለት ነጩን ጨርቅ በሚነካበት መስመር ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር ክር ሲወጣና ከጎኑ ነጣ ያለ ድንበር ሲታይ ሲሆን፣ የእጅ ሥራ ለማየት የመጣች ገዢ ይህን የታተመ ጨርቅ ምልክት አድርጋ ልታየው ትችላለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የማይድኑ ፎቶዎች ይኖራሉ፤ ልብሱ ተሽጦ የወጣ፣ ዋናው ፋይልም ከስልኩ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ የተሰረዘ ከሆነ በእጅ የቀረው ያ በቴሌግራም የመጣው ትንሹ ፎቶ ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ዲዛይነሩ ሊያደርግ የሚችለው ታማኝ ሥራ ፎቶውን ሳያሳድግ በትንሽ መጠኑ፣ የማስፊያው ምልክት ተነሥቶለት፣ «በትእዛዝ የሚሠራ» ከሚለው ዝርዝር ጋር ማስቀመጥ ሲሆን፣ ጥለቱን ለማየት የምትፈልግ ገዢ ካለች ሸማኔው ተመሳሳዩን ሲጀምር ከቅርብ ተነሥቶ፣ በቴሌግራም ቢሆንም በFile መልክ፣ ይላክላታል።